ቤኒ መልሱን ከየት አመጣው?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንዶች ይሰማል፤ ቀስ እያለ ከንግግሩ ሥር ይገባል)

አቅራቢ፦ በየመምህራን ትምህርት ኮሌጁና በየዩኒቨርሲቲው መምህር ለመሆን የምትማሩ፣ ፕራክቲከም ወጥታችሁ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ክፍል የምትታዘቡ፣ የዛሬው ዝግጅት በተለይ ለእናንተ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ፤ አብረን ጥቂት ስሌት እንሠራለን።

ርዕሳችን ቢሄቪየሪዝምና ኮንስትራክቲቪዝም ነው። ለፈተና ስትዘጋጁ ገጹን ለሁለት ከፍላችሁ እንደምትሸመድዷቸው አውቃለሁ። በግራ ስኪነር፣ በቀኝ ፒያዤ፤ በግራ ሽልማትና ልምምድ፣ በቀኝ የቡድን ውይይት። ለፈተናው ያገለግላል። ክፍል ስትገቡ ግን ያ ሠንጠረዥ ብዙም አይረዳችሁም። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም በአንድ ልጅ በኩል እንያቸው። ልጁ በአንድ ጥናት ውስጥ ቤኒ ተብሏል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ቤኒ አሜሪካዊ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን የተማረው እንደኛው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ አይደለም። በትምህርት ቤቱ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መልመጃ ደብተር ተሰጥቶት በራሱ ፍጥነት ይሠራል። ሠርቶ ሲጨርስ አንዲት የክፍሉ ረዳት መልሱን ከመልስ መስጫው ጋር እያስተያየች ታርማለች። ከመቶ ሰማንያና ከዚያ በላይ ካገኘ ያንን ክፍል አወቀ ተብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ካላገኘ ደግሞ ይሠራል።

ቤኒ እያለፈ ሄደ። መምህርቱ ከጎበዝ ተማሪዎቿ አንዱ ነው ብላ ታምንበት ነበር። ከዚያ ኤርልዋንገር የሚባል ተመራማሪ መጣና ከልጁ ጋር ተቀምጦ ማነጋገር ጀመረ። ያገኘውን በፈረንጆቹ በ1973 አሳተመው። ጽሑፉ በሒሳብ ትምህርት ጥናት ውስጥ እስካሁን ይነሳል።

ምን አገኘ? አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ እናንተም ሥሩት። ሁለት አሥረኛ፣ ማለትም ላዕሉ ሁለት፣ ታህቱ አሥር የሆነው ክፍልፋይ፣ በአስርዮሽ ሲጻፍ ስንት ነው?

(ለአፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ቤኒ ግን አንድ ነጥብ ሁለት አለ። አምስት አሥረኛስ? አንድ ነጥብ አምስት አለ። እናንተ በቤኒ ቦታ ሁኑና አስቡ፤ ይህ ልጅ መልሱን ከየት እያመጣው ነው? ዝም ብሎ እየገመተ ይመስላችኋል?

(ለአፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ አይገምትም። ላዕሉንና ታህቱን ይደምራል። ሁለትና አሥር አሥራ ሁለት ነው፤ ነጥብ ጣል ያደርግበታል፣ አንድ ነጥብ ሁለት። አምስትና አሥር አሥራ አምስት፤ አንድ ነጥብ አምስት። አራት አሥራ አንደኛ ሲሰጠውም አንድ ነጥብ አምስት ነው አለ። ክፍልፋዩ ተገልብጦ አሥራ አንድ አራተኛ ሲሆንስ? ያው አንድ ነጥብ አምስት። አንዱ ከአንድ ያነሰ፣ ሌላው ከሁለት የሚበልጥ ቁጥር መሆኑ አላስጨነቀውም። አራት መቶ ለአራት መቶ ሲካፈልስ? ስምንት አለ። አራት መቶና አራት መቶ ስምንት መቶ ነዋ!

ልብ በሉ፤ ልጁ ሕግ አለው። ሕጉን በጥንቃቄ ይከተላል፣ ሲጠየቅም ያስረዳል። ሕጉን ያስተማረው ግን ማንም የለም። ይህን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

(ሙዚቃ፤ አምስት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ አሁን ደግሞ እንዲህ ያለው የትምህርት አሰጣጥ ከየት እንደመጣ እንይ። በ1953፣ አሁንም በፈረንጆቹ ነው፣ የሥነ ልቦናው ሊቅ ቢ ኤፍ ስኪነር ሴት ልጁ የምትማርበትን ክፍል ሊጎበኝ ሄደ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሁለት ነገር ቅር አሰኘው። ልጆቹ ሁሉ፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውም፣ በአንድ እርምጃ እንዲሄዱ ይገደዳሉ። አንዱ ልጅ የሠራው ልክ ይሁን ስሕተት የሚያውቀው ደግሞ ቆይቶ ነው።

ይህ ለምን አሳሰበው? በቢሄቪየሪዝም አስተሳሰብ መማር ማለት የባህርይ ለውጥ ነው። ከልጁ ራስ ውስጥ ያለውን ማየት አንችልም፤ የምናየው የሚናገረውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚሠራውን ነው። አንድ ሥራ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ወዲያው ከተከተለው ያ ሥራ ይደገማል፤ ማጠናከሪያ የምንለው ይህንን ነው። ካልተከተለው ወይም ዘግይቶ ከተከተለው ይደክማል። እንግዲህ ልጅ ዛሬ የሠራውን የቤት ሥራ ከአራት ቀን በኋላ ታርሞ ቢያገኘው ምልክቱ የትኛውን ሥራውን ያጠናክራል? ያን ጊዜ ያሰበውን እንኳ ረስቶታል።

ስኪነር መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የማስተማሪያ ማሽን ነው፤ በዛሬ ዓይን ስናየው ተራ ሳጥን። ጥያቄ ይወጣል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ትክክለኛው መልስ ወዲያው ይታየዋል። ትምህርቱ በጥቃቅን ደረጃዎች ይከፋፈላል፤ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ልክ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ትንሽ ደረጃ፣ ፈጣን ምላሽ፣ በራስ ፍጥነት መሄድ። የቤኒ ደብተሮች ከዚህ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ስኪነርን እንደ ክፉ ሰው አድርጎ ማስተማር የተለመደ ሆኗል፤ እኔ አልወደውም። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ደብተር ሰብስቦ ከሳምንት በኋላ የሚመልስ መምህር የስኪነር ወቀሳ ዛሬም ይመለከተዋል። ታዲያ ሐሳቡ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ቤኒ ምን ነካው?

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ረዳቷ የምታየው መልሱን ብቻ ነው። መልሱ ከመልስ መስጫው ጋር ከገጠመ ልክ ነው፤ ካልገጠመ ስሕተት ነው። መልሱ እንዴት እንደተገኘ አትጠይቅም፤ ሥራዋም አይደለም። ቤኒ እንዲህ ይሠራ ነበር፤ አንድ መልስ ስሕተት ሲባል ሌላ ሕግ ይሞክራል፣ ልክ የተባለለትን ይይዛል። ቀስ በቀስ ሒሳብ ማለት በመልስ መስጫው ላይ ያለውን ነገር ማደን ሆነበት። አንዳንዴ የጻፈው መልስ ትክክል ሆኖ ሳለ አጻጻፉ ከመልስ መስጫው ስለተለየ ብቻ ስሕተት ይባላል። አንድ ሁለተኛ ብሎ ሲጽፍ እዚያ ሁለት አራተኛ ተብሎ ይሆናል። እንዲህ ሲደጋገም ልጁ ምን ይደመድማል? የሒሳብ ሕግ አንድ ብልህ ሰው የሆነ ጊዜ የፈጠረው፣ ምክንያት የማይጠየቅበት ነገር ነው ብሎ ደመደመ።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ዜሮ ነጥብ ሦስት ሲባዛ በዜሮ ነጥብ አራት፣ ዜሮ ነጥብ አሥራ ሁለት ነው። ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች ትቆጥራላችሁ፤ በሁለቱ ቁጥሮች አንድ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ነው። መልሱም ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ይኖረዋል። ይህ ሕግ ለማባዛት ልክ ነው። ቤኒ ይህንኑ ወደ መደመር ወሰደው። ዜሮ ነጥብ ሦስት ሲደመር ዜሮ ነጥብ አራት? ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሰባት አለ። አያችሁ፣ በማባዛቱ ልምምድ የተጠናከረው ሕግ ነው መደመሩን ያበላሸበት። በማባዛቱ ገጽ ላይ ብታርሙት መቶ ከመቶ ልትሰጡት ትችላላችሁ።

የስኪነር ተከታዮች ለዚህ መልስ አላቸው። ጥፋቱ የመልመጃዎቹ አደራደር ነው፤ መደመርና ማባዛት ተደባልቀው ቢቀርቡ ኖሮ የተሳሳተው ሕግ ሽልማት አያገኝም ነበር ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን መልመጃውን እንዲህ አድርጎ ለመደርደር፣ ልጁ የትኛውን የተሳሳተ ሕግ ሊሠራ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ለማወቅ ደግሞ ወደ ልጁ ሐሳብ መግባት ግድ ይላል። እዚህ ላይ ሌላው ንድፈ ሐሳብ በር ላይ ቆሟል።

(ሙዚቃ፤ አምስት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ዣን ፒያዤ ገና ወጣት ሳለ ፓሪስ ውስጥ የልጆች የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተናዎችን የማዘጋጀት ሥራ ተሰጥቶት ነበር። ሥራው ልክና ስሕተት መቁጠር ነው። እሱ ግን ልቡ ወደ ስሕተቶቹ አዘነበለ። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች ስሕተታቸው ይመሳሰላል። ለምን? ልጆች ዝም ብለው ቢስቱ ኖሮ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይስት ነበር። ስለዚህ ቆጠራውን ትቶ ልጆቹን ያነጋግራቸው ጀመር፤ እንዴት እንዲህ አልክ? እንዲህ ቢሆንስ? እያለ።

ኮንስትራክቲቪዝም ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው ያደገው። ዕውቀት ከመምህሩ ራስ ወደ ልጁ ራስ አይገለበጥም። ልጁ የሰማውንና ያየውን ቀድሞ ካለው ዕውቀት ጋር እያያዘ የራሱን ግንዛቤ ይገነባል። አዲሱ ነገር ከአሮጌው ጋር ከገጠመ ይጨምረዋል። ካልገጠመና አለመግጠሙ ከታየው፣ አሮጌውን ለማስተካከል ይገደዳል። በሁለቱ መካከል ያለው መቸገር የትምህርቱ ሞተር ነው።

አሁን ከቤኒ ያቆየነውን እንመልስ። ሕጉን ማንም አላስተማረውም ብለን ነበር። ታዲያ ማን ሠራው? ራሱ። ኮንስትራክቲቪዝም የሚባል ነገር ባልነበረበት ክፍል፣ ያለ ቡድን ሥራ፣ ያለ ውይይት፣ ብቻውን ተቀምጦ ገነባው።

ይህን በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ኮንስትራክቲቪዝም በመጀመሪያ ልጅ እንዴት እንደሚማር የሚናገር ሐሳብ ነው፤ የማስተማሪያ ዘዴ ስም አይደለም። ልጁ ሌክቸር ሲሰማም ይገነባል፣ ሲሸመድድም ይገነባል። ጥያቄው ምን ገነባ የሚለው ነው። በአገራችን የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ ተማሪ ተኮር፣ አሳታፊ የሚሉ ቃላት በየሥልጠናው ይነገራሉ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ዴስክ አዙሮ ልጆቹን አምስት አምስት አድርጎ ማስቀመጥ ብቻውን ምንም ነገር አያረጋግጥም። በአምስቱ መካከል አንድ ጎበዝ ሠርቶ አራቱ ከገለበጡ፣ አራቱ የገነቡት መገልበጥን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ታዲያ ሁሉም ነገር ተገንብቶ ይማራል ማለት ነው? መምህር አይናገር፣ አያስደግም ማለት ነው? ፊደልን አስቡ። ‹መ› የሚለው ቅርጽ ‹መ› ተብሎ እንደሚነበብ ልጅ በራሱ ሊደርስበት ይችላል? ቀኑን ሙሉ ቢመለከተው አይችልም። ሰዎች የተስማሙበት ነገር ነው፤ መነገር አለበት፣ ከዚያም እስኪለመድ መደጋገም አለበት። እዚህ ላይ ፈጣን እርማትና ልምምድ ቦታቸው ነው፤ ስኪነር ሥራውን ይሥራ።

ነገር ግን ፊደሉን በቅደም ተከተል በዜማ የሚያወርድ ልጅ፣ ከመሃል አንዱ ሲጠቆምለት ከመጀመሪያው ጀምሮ ‹ለ ሉ ሊ ላ› እያለ ሲቆጥር አላያችሁም? ያጠናከረው ዜማውን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁታል። ለዚህም ይመስለኛል ከ‹ሀ ሁ› ቀጥሎ አደራደሩ የተለወጠውን አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት፤ አቡጊዳ ላይ በ‹ሀ ሁ› ዜማ ማምለጥ አይቻልም።

ደግሞ ልጁ እየደጋገመም ይገነባል። ‹ሉ›፣ ‹ቡ›፣ ‹ሱ› ላይ ከቀኝ እግሩ መሃል አንዲት ጭረት ትወጣለች። ልጁ ይህን ያስተውልና ሕግ ያደርገዋል፤ ማንም ሳይነግረው ‹ዙ›ን ጽፎ ያሳያችኋል። ‹ሩ› እና ‹ፉ› ላይ ሲደርስ ግን ይቸገራል፤ እግር የላቸውማ! እዚያ ጋር የሚሳሳት ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ሕግ ያገኘ ልጅ ነው። ‹ቡ›ን በቃሉ ብቻ የያዘው ልጅ እንዲህ ዓይነት ስሕተት አይሠራም።

እንግዲህ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ስለ ትምህርቱ ይህን ጠይቁ፤ ዛሬ የማስተምረው ሰዎች የተስማሙበት ነገር ነው ወይስ ምክንያት ያለው ነገር? የፊደል ስም የመጀመሪያው ነው። ሃምሳ ሁለት ውስጥ ያለው አምስት፣ አምስት ሳይሆን አምስት አሥሮች መሆኑ ሁለተኛው ነው።

(ሙዚቃ፤ አምስት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ሃምሳ ሁለትን ካነሣን አይቀር፣ ሁለቱ ንድፈ ሐሳቦች በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደሚሠሩ እንስማ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናት። ሃምሳ ሁለት ሲቀነስ ሃያ ሰባት ተሰጥቷት ሠላሳ አምስት ብላ ጽፋለች።

(የክፍል ውስጥ ድምፅ፤ ከርቀት የልጆች ጫጫታ)

መምህርት፦ እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት አገኘሽው?

ልጅ፦ ከሰባት ላይ ሁለት ሲቀነስ አምስት። ከአምስት ላይ ሁለት ሲቀነስ ሦስት። ሠላሳ አምስት፣ ቲቸር።

(የክፍሉ ድምፅ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ሰማችሁ? ሁልጊዜ ከትልቁ ትንሹን ትቀንሳለች፤ ትልቁ ላይ ይሁን ታች ግድ የላትም። መምህርቷ የኤክስ ምልክት አድርጋ አሥር ተመሳሳይ ጥያቄ ብትሰጣት ምን ይሆናል? የተሳሳተውን ሕግ አሥር ጊዜ ትለማመዳለች። ይባስ ብሎ ከአሥሩ መሃል ሰባቱ መበደር የማይፈልጉ ቢሆኑ፣ እንደ ሃምሳ ስምንት ሲቀነስ ሃያ ሦስት ያሉ፣ ከአሥር ሰባት ታገኛለች። እናቷ ጎበዝ ትላታለች። ስለዚህ መልመጃችሁ ውስጥ መበደር የሚፈልገው ስንቱ ነው? ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

(የክፍል ውስጥ ድምፅ ይመለሳል)

መምህርት፦ እሺ። ሃምሳ ሁለት ጭራሮ ቁጠሪና አሥር አሥሩን እሰሪ። አሁን ሃያ ሰባት ስጪኝ።

ልጅ፦ ሁለት እስር... ይኸው ሃያ። ሰባት ደግሞ... ቲቸር፣ የተፈታው ሁለት ብቻ ነው።

መምህርት፦ እና ምን ይሻላል?

ልጅ፦ (ቆይታ) አንዱን እስር ልፍታው?

መምህርት፦ ፍቺው። ስንት ቀረሽ?

ልጅ፦ ሃያ... ሃያ አምስት። ደብተሬ ላይ ግን ሠላሳ አምስት ነው ያልኩት።

መምህርት፦ የቱ ነው ልክ? እንዴት እናውቃለን?

(የክፍሉ ድምፅ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ መምህርቷ መልሱን አልተናገረችም፤ ግን ዝም ብላም አልተቀመጠችም። ጭራሮውን የመረጠችው፣ አሥር አሥር ይታሰር ያለችው፣ ሃያ ሰባት ስጪኝ ያለችው እሷ ናት። ልጅን ያለ መሪ ትቶ ራስህ ድረስበት ማለት፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ብዙ ጊዜ መባከን ነው፤ በዚህ ላይ ኮንስትራክቲቪዝምን የሚተቹ ተመራማሪዎች ያነሡት ክርክር ሚዛን ይደፋል። ቪጎትስኪም ቢሆን ልጅ ብቻውን የማይችለውን በሚያውቅ ሰው እገዛ እንደሚችለው ነው አጥብቆ የተናገረው።

ከዚያስ? ልጅቱ እስር መፍታት ለምን እንዳስፈለገ ከገባት በኋላ ልምምድ ይመጣል። አሁን አሥርም ሃያም ጥያቄ ትሥራ፤ ወዲያው ወዲያው ይታረምላት። መበደር የሚፈልጉትና የማይፈልጉት ይደባለቁ። ልምምዱ ከግንዛቤው በኋላ ሲመጣ ልክ የሆነውን ያጸናል፤ ከፊቱ ሲመጣ ግን የቱን እንደሚያጸና ማንም አያውቅም። የገባት መሆኑን ለመፈተን ደግሞ ሰባ ሲቀነስ ሠላሳ አራት ስጧት። ሠላሳ ስድስት ካለች ጥሩ። አርባ አራት ካለች፣ አሮጌው ሕግ ዜሮ ባለበት ቦታ ተመልሶ መጥቷል፤ ወደ ጭራሮው ተመለሱ።

ሰባ ልጅ ይዤ እያንዳንዱን እንዴት ላነጋግር ትሉኛላችሁ። ሁሉንም አታነጋግሩም። ደብተሮቹን በስሕተታቸው ዓይነት ደርድሩ፤ ፒያዤ እንዳስተዋለው ስሕተቶች ይመሳሰላሉ። ሃያ ልጅ አንድ ዓይነት ስሕተት ከሠራ፣ ከሃያው ሁለቱን ብቻ ‹እንዴት አገኘኸው› ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ይህን ጥያቄ ልክ ያገኙትንም ጠይቁ። ሲሳሳቱ ብቻ የምትጠይቁ ከሆነ፣ ልጆቹ ‹እንዴት አገኘኸው› ማለት ‹ተሳስተሃል› ማለት ነው ብለው ይማሩና፣ አፋችሁን ስትከፍቱ መልሳቸውን ማጥፋት ይጀምራሉ። ይህን ራሱ ስኪነር በደንብ ያስረዳችሁ ነበር።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይገባል)

አቅራቢ፦ የሳምንቱ ሥራችሁ ይህ ነው፤ ጻፉ። ሦስት መቶ ሁለት ሲቀነስ መቶ አርባ አምስት። ትክክለኛው መልስ መቶ አምሳ ሰባት ነው። አንዱ ተማሪ ሁለት መቶ አምሳ ሰባት ብሎ ጽፏል፤ ሌላዋ መቶ አርባ ሰባት ብላለች። ሁለቱም የሳቱት በአንድ አሃዝ ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው የተከተሉት ሕግ ምንድን ነው? የልጅቱ አንድ ሕግ ነው ወይስ ሁለት? ለሁለቱ አንድ ዓይነት ትምህርት ትሰጣላችሁ ወይስ የተለያየ? መልሳችሁን ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ከደብዳቤዎቻችሁ ጋር እንገናኛለን። ደኅና ሰንብቱ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይዘጋል)